5,000 ሊትሩ ሮቶ በስንት ደቂቃ ይጎድላል? ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራ የልኬት ማስታወሻ

መነሻ

ቦታው ተዳፋት ነው። ከላይ ያለችው ምንጭ ቀጭን ናት፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ይፈጅባታል። ይህ በሰከንድ 0.12 ሊትር ማለት ነው። እንዲህ በቀጠነ ውሃ በቀጥታ ማጠጣት አይቻልም፤ ቦዩ ገና ሳይረጥብ አፈሩ ይጠጣዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ለ11 ሰዓታት ያህል በድንጋይ መድረክ ላይ በተቀመጠ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ውስጥ ይጠራቀምና ጠዋት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ውሃው የሁለት ቤተሰቦች ነው፤ አንደኛው ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላኛው ድንች ያለሙበታል። ስምምነታቸው እኩል ለእኩል ነው።

እስካሁን የሚካፈሉት በሰዓት ነበር፦ ቫልቩ ተከፍቶ መጀመሪያ 15 ደቂቃ ለአንዱ፣ ቀጥሎ 15 ደቂቃ ለሌላው። ሁለተኛው ተረኛ ሁልጊዜ «ለእኔ ሲደርስ ውሃው ይደክማል» ይላል። ልክ ነው፣ ይደክማል። ምን ያህል እንደሚደክምና ሮቶው በጠቅላላው በስንት ደቂቃ እንደሚጎድል በስሌትም በሙከራም ማወቅ ነው የዚህ ሥራ ዓላማ።

1ኛ ቀን፣ ጠዋት፦ መለካት

ለስሌቱ ሦስት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ የሮቶው ወለል ስፋት፣ የመውጫው ቀዳዳ ስፋት፣ ከመውጫው መሐል እስከ ውሃው ገጽ ያለው ከፍታ።

የሮቶው ዙሪያ በሜትር ሲለካ 5.65 ሜትር ነው። ለ3.1416 ሲካፈል የውጭ ዲያሜትሩ 1.80 ሜትር ይሆናል። የግድግዳው ውፍረት በሁለቱም ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀንሶ ውስጡ 1.78 ሜትር፣ ስፋቱ 2.49 ካሬ ሜትር። ግን የሮቶ ግድግዳ ሸንተረር አለው፤ ሜትሩ ያረፈው ሸንተረሩ ላይ ይሁን ጎድጓዳው ላይ ውጤቱን ይለውጠዋል። ስለዚህ በጀሪካን አረጋገጥን። ውሃው ከሮቶው ቀጥ ያለ ክፍል መሐል ላይ እያለ 10 ሙሉ ጀሪካን፣ ማለትም 200 ሊትር ተጨመረበት፤ ገጹ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። 200 ሊትር በ2.49 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ 8.03 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ልኬቱ ይዟል። ከዚህ በኋላ ማስታወስ የሚጠቅመው አንድ ቁጥር ነው፦ አንዲት ሳንቲ ሜትር ውሃ ወደ 25 ሊትር ናት።

መውጫው «ኢንች ተኩል» ይባላል። በስሙ ማስላት ግን አይገባም። ኢንች ተኩል የሚባለው የብረት ቱቦ ውስጡ 42 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ እዚህ ሮቶው ላይ የተገጠመው የፕላስቲክ መውጫና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጌት ቫልቭ በካሊፐር ሲለኩ 38 ሚሊ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜው የሚለወጠው በዲያሜትሩ ካሬ ነው። በ42 ያሰላ ሰው ከእውነተኛው ጊዜ ወደ 18 በመቶ አሳጥሮ ያገኛል። መለካት ያለበት ውሃው የሚያልፍበት በጣም ጠባቡ ቦታ ነው። የ38 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስፋት 0.001134 ካሬ ሜትር ነው።

ከፍታው ከሮቶው ወለል አይጀምርም። የመውጫው መሐል ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው 250 ሊትር ያህል ውሃ በዚህ ቫልቭ ጨርሶ አይወጣም፣ ለደለል ማረፊያ ነው። ሮቶው ሲሞላ ገጹ ከመውጫው መሐል 1.90 ሜትር ላይ ነው። የሚካፈሉት እንግዲህ 5,000 ሊትሩን ሳይሆን ከዚያ በላይ ያለውን ነው።

1ኛ ቀን፣ ከሰዓት በፊት፦ የመጀመሪያው ስሌት

ከመውጫው የሚፈናጠረው ውሃ ፍጥነት የሚመጣው በላዩ ካለው ውሃ ከፍታ ነው፤ ከዚያ ከፍታ በነፃ የወደቀ ጠብታ የሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። በ1.90 ሜትር 6.1 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ከፍታው ሲቀንስ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን በከፍታው ስኩዌር ሩት ነው። ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ የወጣውን ውሃ ይለካና ጠቅላላውን መጠን ለእሱ ያካፍላል። ግድግዳው ቀጥ ባለ ሮቶ ውስጥ ግን ፍሰቱ ከመጀመሪያው መጠን ተነስቶ ከጊዜው ጋር በእኩል እርምጃ እየቀነሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ የጉዞው ሁሉ አማካይ ፍሰት የመነሻው ግማሽ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚጎድልበት ጊዜም በመጀመሪያው ፍሰት ተካፍሎ ከተገኘው ዕጥፍ ነው። ስሌት ለማይወድ ሰው ይህቺ ብቻ ትበቃዋለች፦ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለካ፣ አካፍል፣ ዕጥፍ አድርግ።

ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላ ከፍታ ለማስላት ቀመሩ ይህ ነው፦

```
t = 2*A*(sqrt(H1) - sqrt(H2)) / (C*a*sqrt(2*g))
```

`A` የሮቶው ወለል ስፋት፣ `a` የቀዳዳው ስፋት፣ `H1` የመነሻ ከፍታ፣ `H2` የመቆሚያ ከፍታ፣ `g` የመሬት ስበት፣ `C` ደግሞ ውሃው በመንገዱ ለሚያጣው ጉልበት የሚደረግ ቅናሽ ነው። ሁሉም በሜትርና በሰከንድ ይግባ፤ ሚሊ ሜትር ከሜትር ጋር ከተቀላቀለ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም።

መቆሚያው ዜሮ ሳይሆን 10 ሳንቲ ሜትር ተደረገ። ውሃው ወደ ቀዳዳው አናት ሲቃረብ እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይገባል፤ ቀዳዳው በውሃ ሙሉ መሆኑ ይቀርና ቀመሩ አይሠራም። በቀመሩ እንኳን ቢሆን የመጨረሻዋ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻዋን ከጠቅላላው ጊዜ ሩብ የሚጠጋውን ትወስዳለች፣ ለ250 ሊትር።

ስለ ከፍተኛ ቦታ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ደጋ ላይ የአየር ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው ቀስ ብሎ አይወጣም ወይ? አይወጣም። አየሩ የሚጫነው የሮቶውን ውሃ ገጽም የመውጫውን አፍም እኩል ስለሆነ ይጣፋል። ክዳኑ ግን አየር ማስገባት አለበት። ሮቶው ታፍኖ ውሃ ከወጣበት ውስጡ ይሳባል፣ ፍሰቱ ይቆራረጣል፣ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ይጎብጣል። የመሬት ስበትን 9.78 ወሰድን፤ በ9.81 ቢሰላም ልዩነቱ ከ3 ሰከንድ አያልፍም።

ቅናሹ `C` ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል። ውሃው ከየአቅጣጫው ወደ ቀዳዳው ሲመጣ ጠርዙ ላይ በድንገት መታጠፍ አይችልም፤ ስለዚህ ገባ ካለ በኋላ ይቀጥናል። በስስ ላሜራ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ብቻ ቢሆን `C` 0.6 አካባቢ ነው። እዚህ ግን ከቀዳዳው ቀጥሎ ኒፕልና ቫልቭ አለ፣ ርዝመታቸው ተደምሮ 25 ሳንቲ ሜትር፤ ውሃው ቀጥኖ እንደገና ቱቦውን ስለሚሞላ የተሻለ ነው። የጉልበቱን ወጪ እንዲህ ዘረዘርን። ውሃው ይዞት ለሚወጣው ፍጥነት 1፣ ለመግቢያው ጠርዝ 0.5፣ ሙሉ በሙሉ ለተከፈተ ጌት ቫልቭ 0.2፣ ለ25 ሳንቲ ሜትሩ ግድግዳ ፍትጊያ 0.16። ድምሩ 1.86፤ አንድ ለስኩዌር ሩቱ ሲካፈል 0.73።

በዚህ `C` ከ1.90 እስከ 0.10 ሜትር 24 ደቂቃ ይፈጃል። ግምቱ ከሙከራው በፊት ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀመጠ፤ ከሙከራ በኋላ የሚጻፍ ግምት ሳይታወቅ ወደ ውጤቱ ያዘነብላል።

2ኛ ቀን፣ ጠዋት፦ በባዶ ቫልቭ ሙከራ

የውሃውን ገጽ ለመከታተል መጀመሪያ የታሰበው ከቫልቩ አጠገብ ቲ አስገብቶ ግልጽ ጎማ ወደ ላይ ማቆም ነበር። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ጎማው ትክክለኛውን ከፍታ ያሳያል። ሲከፈት ግን ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያው ዘጭ ብሎ ይወርዳል፣ ሮቶው ሙሉ ሆኖ ሳለ። ውሃው ቱቦው ውስጥ እየሮጠ ግፊቱን ለፍጥነት ስለሚከፍል ነው። በዚህ ፍጥነት 1.90 ሜትሩን 30 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ተተወ።

በምትኩ ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ በሲባጎ ታስሮ በክዳኑ ቀዳዳ ገባ፤ ሲባጎው በክዳኑ ጠርዝ ላይ ወጥቶ በውጭ በኩል ትንሽ ጠጠር ተንጠለጠለበት። ውሃው ሲወርድ ላስቲኩ ይወርዳል፣ ጠጠሩ ይወጣል። ከጠጠሩ ጀርባ ሜትር ተለጠፈ። ላስቲኩ ከመውጫው ራቅ ብሎ መንሳፈፍ አለበት፣ አለበለዚያ ሽክርክሪቱ ይይዘዋል። ጠጠሩም ላስቲኩን የማያነሳ ቀላል ይሁን።

ከምንጩ የሚገባው ቱቦ ተዘጋ። ክፍት ቢተው በ25 ደቂቃ ውስጥ ወደ 180 ሊትር ስለሚጨምር ውጤቱን ያበላሸዋል። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ጌት ቫልቭ ግማሽ ከተከፈተ የሚበላው ጉልበት ከ10 ዕጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ጊዜውም ቢያንስ ወደ 35 ደቂቃ ይሄዳል። መዘውሩን እስኪይዝ ማዞር ያስፈልጋል።

በስልክ ሰዓት የተመዘገበው፦

1.60 ሜትር ላይ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ፤
1.20 ላይ 6 ደቂቃ ከ55፤
0.80 ላይ 11 ደቂቃ ከ45፤
0.40 ላይ 18 ደቂቃ ከ10፤
0.10 ላይ 25 ደቂቃ ከ55።

ከግምቱ 2 ደቂቃ ገደማ ዘግይቷል፣ 8 በመቶ ማለት ነው። ጥያቄው ይህ የልኬት ስህተት ነው ወይስ ያልተቆጠረ ወጪ አለ? ለመለየት የየከፍታዎቹን ስኩዌር ሩት በካሬ ወረቀት ላይ ከጊዜው ጋር አስቀመጥን። ቀመሩ ትክክል ከሆነ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መውደቅ አለባቸው። ወድቀዋልም፣ አምስቱም። መስመሩ ቀጥ ካለ የቀመሩ ቅርጽ ልክ ነው፤ የተሳሳተው `C` ብቻ ነው ማለት ነው። ከመስመሩ ዝንባሌ ተመልሶ ሲሰላ `C` 0.68 ነው እንጂ 0.73 አይደለም።

ምክንያቱን ለማየት ሮቶው ከጎደለ በኋላ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ታየ። የፕላስቲኩ መውጫ ከግድግዳው ጋር እኩል አላለቀም፤ ወደ ውስጥ 4 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ እንደ ከንፈር ቆሟል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላም መጥቶ ጠርዙን ዞሮ መግባት ስላለበት ይበልጥ ይቀጥናል፤ የመግቢያው ወጪ ከ0.5 ወደ 0.8 ያድጋል። ድምሩ 2.16፣ `C` 0.68። በዚህ ሲሰላ፦

```
=2*2.49*(SQRT(1.9)-SQRT(0.1))/(0.68*0.001134*SQRT(2*9.78))
```

ኤክሴል 1,551 ሰከንድ ይላል፣ 25 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ። ሙከራው 25 ደቂቃ ከ55 ነበር። ከንፈሩን አንቆርጠውም፤ ደለል ወደ ቱቦው እንዳይገባ ያግዛል፣ የሚያስወጣውም ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

2ኛ ቀን፣ ማታ፦ የክፍፍሉ ጉዳይ

ቁጥሩ ከተገኘ ክርክሩ ይፈታል። ሙሉው ጊዜ ወደ 26 ደቂቃ ነው፤ ለሁለት እኩል ሲከፈል 13፣ 13። በመጀመሪያዎቹ 13 ደቂቃ ገጹ ከ1.90 ወደ 0.72 ሜትር ይወርዳል። ይህ ከሚካፈሉት ውሃ 66 በመቶ ነው። ሁለተኛው የሚያገኘው 34 በመቶ፣ ማለትም የመጀመሪያው ያገኘውን ግማሽ ያህል። በ15 ደቂቃው ተራ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለተኛው ተራውን ሳይጨርስ ውሃው ያልቅበታል።

እኩል ለማድረግ መከፈል ያለበት ከፍታው ነው። መሐሉ 1.00 ሜትር ላይ ነው። እዚያ የሚደረሰው በ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፤ ለሁለተኛው 16 ደቂቃ ከ40 ይቀረዋል። በሰዓት ሲታይ የማይመጣጠን፣ በሊትር ሲታይ ግን ልክ የሆነ ክፍፍል ይህ ነው። ተረኞቹ ግን አልወደዱትም፤ ዘጠኝ ደቂቃ ለአንዱ፣ ዐሥራ ሰባት ለሌላው ሲባል ለዓይን ያዳላል። ቅሬታው የሚገባ ነው፤ የሚያዩት ሰዓቱን ነውና።

3ኛ ቀን፦ ቱቦው ሲቀጠል

ሁለቱም መሬቶች ከሮቶው በታች ስለሆኑ ቦዩን ትቶ በቱቦ መውሰድ ቀድሞም ታስቦ ነበር። 40 ሜትር ጥቁር ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ተዘረጋ፤ 50 የውጭ ልኩ ነው፣ ውስጡ 44 ነው። ከመውጫው መሐል እስከ ቱቦው ጫፍ ያለው ቁልቁለት በውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ሲለካ 2.40 ሜትር ሆነ።

አሁን ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ከፍታ ይለወጣል። ቱቦው በውሃ ሙሉ ሆኖ እስከሄደ ድረስ ከፍታው የሚቆጠረው ከቱቦው ጫፍ ነው፦ መነሻው 1.90 እና 2.40 ተደምሮ 4.30 ሜትር፤ መቆሚያው 0.10 እና 2.40 ተደምሮ 2.50 ሜትር። ከፍታው ጨምሯልና ይፈጥናል ማለት ግን አይቻልም፤ 40 ሜትር ግድግዳ ይፈትገዋል። የፍትጊያው ወጪ ርዝመቱ ለውስጥ ዲያሜትሩ ተካፍሎ በ0.02 ሲባዛ 18.2 ነው። 0.02 ለለስላሳ ፕላስቲክና ለዚህ ፍጥነት የሚሆን ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ይወፍራል፤ የውርጭ ማለዳ ላይ 10 ዲግሪ ውሃ ከ20 ዲግሪው ይልቅ ጊዜውን ወደ 3 በመቶ ያስረዝማል። ያለፈው የመግቢያና የቫልቭ ወጪ ወደዚህኛው ሰፊ ቱቦ ሲቀየር፣ የመውጫው ፍጥነት ተጨምሮ 3.2 ነው። ድምሩ 21.4፣ `C` 0.2162። የቱቦው የውስጥ ስፋት ደግሞ 0.0015205 ካሬ ሜትር።

```
=2*2.49*(SQRT(4.3)-SQRT(2.5))/(0.2162*0.0015205*SQRT(2*9.78))
```

1,687 ሰከንድ፣ 28 ደቂቃ ገደማ። ቱቦው የበላውን ቁልቁለቱ መልሶታል፤ ከባዶው ቫልቭ የሚለየው በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደስ የሚያሰኘው ግን ሌላ ነው። ፍሰቱ የሚጀምረው በሰከንድ 3.0 ሊትር፣ የሚያበቃው በ2.3 ሊትር ነው። በባዶው ቫልቭ ከ4.7 ወደ 1.1 ይወርድ ነበር። 2.40 ሜትሩ ቁልቁለት ሮቶው ቢሞላም ቢጎድልም አይለወጥምና ፍሰቱን ያረጋዋል።

ከዚህ በኋላ ሙከራ። ስሌቱ 1.50 ሜትር ላይ 5 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ፣ 1.00 ላይ 13 ደቂቃ ከ07፣ 0.50 ላይ 21 ደቂቃ ከ10፣ 0.10 ላይ 28 ደቂቃ ከ07 ብሎ ነበር። የተለካው 5 ከ40፣ 13 ከ15፣ 21 ከ25፣ ከዚያም 32 ከ10። እስከ 0.50 ድረስ በጥቂት ሰከንዶች ተከታትሎ የመጨረሻዎቹ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ በአንዴ አራት ደቂቃ ዘገየ።

ነጥቦቹ ሲሣሉ መስመሩ እስከ 0.50 ቀጥ ብሎ እዚያ ላይ ታጥፏል። `C` የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ከመጀመሪያው ዝንባሌው ይለያል እንጂ መሐል ላይ አይታጠፍም። መታጠፍ ማለት በዚያ ከፍታ አዲስ ነገር ጀምሯል ማለት ነው። ጫፉ ላይም ምልክት ነበረ፦ ውሃው እየተንተፋተፈ፣ እንደ ሳል እየተቆራረጠ ይወጣ ነበር።

ምክንያቱ ቁልቁል የሚሄደው ውሃ ራሱ ከኋላው መሳቡ ነው። ሮቶው ሙሉ ሳለ ከላይ ያለው ጫና ከመግቢያውና ከቫልቩ ወጪ ስለሚበልጥ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ውጭ ነው። ገጹ ሲወርድ ጫናው ያንሳል፣ ታች ያለው 2.40 ሜትር ግን እንደዚያው ይስባል። ሚዛኑ የሚገለበጠው ስንት ላይ እንደሆነ ሲሰላ 53 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በታች ከቫልቩ በኋላ ያለው መጋጠሚያ፣ ማለትም ዩኒየኑ፣ ከውጭ አየር የሚጠጣ ይሆናል። ሮቶው ሙሉ ሳለ ጥቂት የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ በኋላ ማንጠባጠቡን ትቶ አየር ይስባል፤ ስለዚህ «ደርቋል፣ ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለማጣራት ገጹ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ዩኒየኑ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ተቀባ። አረፋው ሲያብጥ ሳይሆን ወደ ውስጥ ሲጠፋ ታየ፤ ጆሮ ሲጠጋም ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

ዩኒየኑ ተፈታ። ጎሚኒው በአንድ ጎኑ ተጣሞ ተቀምጦ ነበር። በአዲስ ተተካ፣ ጥርሱ ላይ የነበረው አሮጌ ቴፍሎን ተጠርጎ አዲስ ተጠቀለለ።

4ኛ ቀን፣ ጠዋት፦ ድጋሚ ሙከራ

5 ደቂቃ ከ40፣ 13 ከ10፣ 21 ከ20፣ 28 ከ30። መስመሩ እስከ መጨረሻው ቀጥ ነው፣ ጫፉ ላይ መንተፋተፍ የለም።

በዚህ ሁኔታ ጊዜውን ለሁለት እኩል መክፈል ራሱ ፍትሐዊ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፦ የመጀመሪያው 53፣ ሁለተኛው 47 በመቶ ያገኛሉ። በሊትር እኩል ለማድረግ 13 ደቂቃና 15 ደቂቃ ይበቃል። ለዓይንም አያዳላም፤ ተረኞቹ በዚህ ተስማሙ።

በዚህ ቱቦ ላይ ሦስት ጥንቃቄ አለ። ቱቦው መሐል ላይ ጉብታ ላይ ወጥቶ መውረድ የለበትም፤ አየር እዚያ ይታሰርና ፍሰቱን ያጠባል። በቦዩ ዳር በሚጠቀለለው ስስ ጎማ መተካት አይቻልም፤ ከ53 ሳንቲ ሜትር በታች መሳቡ ይጨፈልቀዋል። ፍሰት ለመቀነስ ከተፈለገ መጠበብ ያለበት ጫፉ ላይ ነው እንጂ ከላይ ያለው ቫልቭ አይደለም፤ የላዩ ሲጠብ መሳቡ ገና ሮቶው ሙሉ ሳለ ይጀምራል።

4ኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፦ የቀረው

ሲባጎውና ላስቲኩ በቦታቸው እንዲቀሩ ተደረገ። 1.00 ሜትር የሚሆንበት ቦታ ላይ ቀይ ክር ታሰረ፣ 0.10 ላይ ሌላ። ደቂቃዎቹ ሥራ ለማቀድ፣ ሰው መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ናቸው። ተራ ለመቀየር ግን ቀዩ ክር ይሻላል፤ ቫልቩ ሙሉ ባይከፈት፣ ወንፊቱ በቅጠል ቢዘጋ ወይም ውሃው ቢቀዘቅዝ ጊዜው ይለወጣል፣ ግማሽ ሮቶ ግን ግማሽ ሮቶ ነው።

ደቂቃው ራሱ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። በየሳምንቱ አንዴ ከሙሉ እስከ ቀዩ ክር ያለው ጊዜ ይያዝ። 13 ደቂቃ መሆን አለበት። 15 ከሆነ መውጫው ላይ ወይም ቱቦው ውስጥ የሆነ ነገር ጠብቧል፤ እስከ ክሩ 13 ሆኖ ከዚያ በኋላ ያለው ብቻ ከረዘመ ዩኒየኑ እንደገና አየር ይዟል። ሁለተኛው ቤተሰብ 20 ሜትር ቱቦ ሲቀጥልና ጫፉ ወደ ታች ሲወርድ ርዝመቱም ቁልቁለቱም ስለሚለወጡ ስሌቱ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ይደገማል።